ይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፤ ታዲያ ስልኩ ለምን ደጋግሞ ይጠይቃል?

አክስቴ አየር ጤና አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የህትመት ቤት አላት። ደንበኞቿ ሲቪያቸውን፣ የምርምር ወረቀታቸውን፣ የሰርግ ጥሪያቸውን በኢሜይል ይልኩላታል፤ እሷ ስልኳ ላይ አይታ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዳ ታትማለች። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ ስልኳን አቀበለችኝ። «ይሄ ነገር አሳበደኝ እኮ! ፓስወርድ አስገባ ይለኛል፣ አስገባለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አስገባ ይለኛል።»

ያደረገችውን ጠየቅኳት። ይለፍ ቃሉን ረስቼው ይሆናል ብላ ሦስት ጊዜ ቀይራዋለች። ሦስቱንም ጊዜ አዲሱን አስገብታ ስልኩ እንቢ ብሏል። ይባስ ብሎ እስከዚያ ድረስ በደህና ይሠራ የነበረው የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ያለው የኢሜይል ፕሮግራምም ያው ጥያቄ ጀመረው። በዚህ መሀል አንድ ተማሪ የላከው የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይታተም ሁለት ቀን አልፎታል።

እኔም መጀመሪያ «ፊደል ተሳስተሽ ይሆናል» አልኳት። አልተሳሳተችም። ያንኑ ይለፍ ቃል በስልኩ ብራውዘር ከፍቼ አስገባሁት፤ ወዲያው ገባ። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም የችግሩ ፍንጭ ያለው እዚህ ነው። አንድ ይለፍ ቃል በብራውዘር ከሠራና በመተግበሪያው ካልሠራ፣ ይለፍ ቃሉ ትክክል ነው ማለት ነው። ችግሩ ያለው የኢሜይል ሰርቨሩ ያንን ይለፍ ቃል በዚያ በር በኩል አልቀበልም በማለቱ ላይ ነው።

ሁለት ክፍት ቦታ ብቻ ያለው ቅጽ

ስልካችሁ ላይ ያለው የኢሜይል መተግበሪያ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ አይማፕ ይባላል። ማርክ ክሪስፒን የተባለ ባለሙያ በ1986 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው። ዕድሜው ከአብዛኞቻችን ይበልጣል። በዚህ ቋንቋ ለመግባት የሚያገለግለው የጥንቱ ትእዛዝ አንድ መስመር ነው፦

```
a1 LOGIN USERNAME@gmail.com PASSWORD
```

`a1` የትእዛዙ መለያ ቁጥር ነው፤ መልሱ የየትኛው ትእዛዝ መልስ እንደሆነ እንዲታወቅ። ከዚያ በኋላ ያለው ስምና ይለፍ ቃል ነው። አለቀ። ትእዛዙን እንደ አንድ ቅጽ ካሰባችሁት ሁለት ክፍት ቦታ ብቻ አለው።

አሁን ደግሞ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አስቡት። ይለፍ ቃል ካስገባችሁ በኋላ «ወደ ስልክዎ የላክነውን ኮድ ያስገቡ» የሚለው ማለቴ ነው። በብራውዘር ስትገቡ ሰርቨሩ አዲስ ገጽ አምጥቶ ኮዱን ሊጠይቃችሁ ይችላል። በ`LOGIN` ትእዛዝ ግን ሦስተኛ ክፍት ቦታ የለም፤ ኮዱ የሚጻፍበት ስፍራ የለውም። ሰርቨሩ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቅ ቢፈልግ እንኳን የሚጠይቅበት አፍ የለውም።

ስለዚህ የኢሜይል አቅራቢዎች ሁለት ምርጫ ነበራቸው፦ በአሮጌው በር የሚመጣውን ሰው ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ ማስገባት ወይም በሩን ለተራው ይለፍ ቃል መዝጋት። ለረጅም ዓመታት የመጀመሪያውን መረጡ። ይሄ ግን የፊት በሩን በሁለት ቁልፍ ቆልፎ የጓሮውን በአንድ ቁልፍ እንደመተው ነው። የእናንተን ይለፍ ቃል ከሌላ ድረ ገጽ የሰረቀ ሰው በብራውዘር በኩል ኮድ ይጠየቃል፤ በአይማፕ በኩል ግን ዝም ብሎ ይገባል።

በመጨረሻ ተራ በተራ በሩን ዘጉ። አፕል ለአይክላውድ ኢሜይል ይህን የጀመረው በሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው። ያሁ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተከተለ። ጎግል ደግሞ ለግል የጂሜይል አካውንቶች ከግንቦት 22 ቀን 2014 ዓ.ም. (ሜይ 30 ቀን 2022 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስምና በተራ ይለፍ ቃል ብቻ የሚገቡ መተግበሪያዎችን አቆመ። ከዚያ ቀን በፊት የተሠራ ወይም ያልታደሰ የኢሜይል መተግበሪያ ያለበት ስልክ ይዞ የነበረ ሰው፣ ምንም ሳያጠፋ፣ ይለፍ ቃሉ «ስህተት» ሆነበት።

ሰርቨሩ ምክንያቱን ይናገራል፤ ስልኩ አይነግረንም

ቤት ገብቼ ነገሩን በዓይኔ ማየት ፈለግኩ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የበራለት አንድ የሙከራ የጂሜይል አካውንት ነበረኝ። ኮምፒውተሬ ላይ የኢሜይል መተግበሪያ ሳልጠቀም ሰርቨሩን በቀጥታ አነጋገርኩት፦

```
openssl s_client -quiet -crlf -connect imap.gmail.com:993
```

993 አይማፕ በተመሰጠረ መስመር የሚሠራበት የበር ቁጥር ነው። ሰርቨሩ `* OK Gimap ready` ብሎ ሲጀምር፣ መጀመሪያ ሆን ብዬ የተሳሳተ ይለፍ ቃል በ`LOGIN` ሰጠሁት። መልሱ ይሄ ነበር፦

```
a1 NO [AUTHENTICATIONFAILED] Invalid credentials (Failure)
```

ቀጥሎ ትክክለኛውን፣ በብራውዘር የሚሠራውን ይለፍ ቃል ሰጠሁት፦

```
a2 NO [ALERT] Application-specific password required: https://support.google.com/accounts/answer/185833 (Failure)
```

ልዩነቱን አያችሁ? የመጀመሪያው «ይለፍ ቃሉ ተሳስቷል» ይላል። ሁለተኛው «ለመተግበሪያ የተለየ ይለፍ ቃል ያስፈልጋል» ይላል፤ የእርዳታ ገጹን አድራሻ ሳይቀር ይሰጣል። ግን ሁለቱም መስመሮች የሚጀምሩት በአንድ ቃል ነው፦ `NO`።

ብዙ የስልክ ኢሜይል መተግበሪያዎች ከመልሱ የሚያነቡት ያችን `NO` ብቻ ነው። `NO` ከመጣ ይለፍ ቃሉ ተሳስቷል ብለው ይደመድማሉና ማስገቢያውን ሳጥን ያመጣሉ። እናንተ ያንኑ ትክክለኛ ይለፍ ቃል ታስገባላችሁ፣ ያው `NO` ይመጣል፣ ያው ሳጥን ይወጣል። የሚገርመው የአይማፕ መስፈርት ራሱ፣ አርኤፍሲ 3501 የተባለው የ2003 እ.ኤ.አ. ሰነድ፣ `[ALERT]` የሚል ምልክት ያለው መልእክት ለተጠቃሚው በግልጽ መታየት እንዳለበት ያዛል። መተግበሪያው ያንን ቢያከብር ኖሮ አክስቴ ይለፍ ቃሏን ሦስት ጊዜ ባልቀየረች።

ደጋግሞ መጠየቁስ ከየት መጣ? መተግበሪያው አዲስ መልእክት መኖሩን በየተወሰነ ጊዜ ያያል። በየ15 ደቂቃው እንዲያይ ከተደረገ በቀን 96 ጊዜ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ `LOGIN` ይልካል፣ `NO` ይቀበላል። እናንተ ሳጥኑን ብትዘጉትም ከ15 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

አሥራ ስድስት ፊደል ያለው ትርፍ ቁልፍ

መፍትሔው የመተግበሪያ ይለፍ ቃል ይባላል። ግቢ ውስጥ ተከራይ ያለበትን ቤት አስቡ። ባለቤቷ የራሷን ቤት ቁልፍ ለማንም አትሰጥም። ለተከራዩ ግን የእሱን ክፍል ብቻ የሚከፍት የተለየ ቁልፍ ታስቀርጽለታለች። ተከራዩ ሲለቅ ያንን ክፍል ብቻ ጓንጉሉን ትቀይራለች፤ የሷም የሌሎቹም ቁልፍ እንደነበረ ይሠራል።

የመተግበሪያ ይለፍ ቃልም እንደዚሁ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ይቀረጻል። የጎግሉ 16 ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው፤ እናንተ አትመርጡትም፣ ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ያወጣዋል። በአሮጌው ቅጽ ሁለተኛ ክፍት ቦታ ላይ፣ በተራው ይለፍ ቃል ፋንታ ይገባል። ስልኩ ምንም አዲስ ነገር መማር አያስፈልገውም፤ ለእሱ ያው ይለፍ ቃል ነው።

«ቆይ፣ ይሄም እኮ ያለ ኮድ ይገባል፤ ታዲያ ምን ተሻለ?» ልትሉ ትችላላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የተሻለው በሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በግምት አይገኝም። እያንዳንዱ ፊደል ከ26 አንዱ ከሆነ፣ 16ቱ ሊደረደሩ የሚችሉበት መንገድ 26 በራሱ 16 ጊዜ ሲባዛ ነው፤ በግምት 4.4 × 10²²። በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን የሚሞክር ማሽን ሁሉንም ለመጨረስ 1.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ሰርቨሩ ደግሞ ይህን ያህል ሙከራ ከቶ አይፈቅድም። ከዚህ የሚበልጠው ነጥብ ግን ሌላ ነው። ሰው አንድ ይለፍ ቃል አሥር ቦታ ይጠቀማል፤ አንዱ ቦታ ሲሰረቅ ዘጠኙ ይከፈታሉ። ይህን 16 ፊደል ግን ማንም ሌላ ቦታ አይጠቀምበትም።

ሁለተኛ፣ በዚህ ቁልፍ የአካውንቱን የቅንብር ገጽ መክፈት አይቻልም። ስልኩ የተሰረቀ እንደሆነ ሌባው በ16ቱ ፊደላት ዋናውን ይለፍ ቃል ለመቀየር ወደ ጎግል ገጽ መግባት አይችልም። እናንተ ደግሞ ከሌላ መሣሪያ ገብታችሁ ያችን አንዷን ቁልፍ ብቻ ትሰርዛላችሁ።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

አክስቴ የምትጠቀመው የሌላ አቅራቢ ኢሜይል ቢሆንም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። እዚህ በሙከራ አካውንቴ ያደረግኩትን የጂሜይሉን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ በብራውዘር ገብታችሁ ይለፍ ቃሉ እንደሚሠራ አረጋግጡ። ካልገባ ችግራችሁ ሌላ ነውና ከዚህ በታች ያለውን አትጀምሩ።

ቀጥሎ `myaccount.google.com` ላይ `Security` በሚለው ሥር `2-Step Verification` መብራቱን እዩ። ካልበራ የመተግበሪያ ይለፍ ቃል የሚባለው ነገር ጭራሽ አይታያችሁም። ስታበሩት እዚያው ገጽ ላይ `Backup codes` የሚሉ 10 የመጠባበቂያ ኮዶችን ታገኛላችሁ፤ እያንዳንዳቸው ባለ 8 አሃዝ ናቸው። ወረቀት ላይ ጻፏቸውና ከስልካችሁ ውጪ አስቀምጡ። ኮዱ በኤስኤምኤስ የሚመጣላችሁ ከሆነና ስልኩ ከነሲሙ ታክሲ ውስጥ ከቀረ፣ መልሶ የሚያስገባችሁ ያ ወረቀት ነው።

ከዚያ `myaccount.google.com/apppasswords` የሚለውን ክፈቱ። ለቁልፉ ስም ስጡት፤ «ስልክ» ብቻ ከማለት የትኛው ስልክ እንደሆነ የሚለይ ስም ይሻላል፤ ኋላ ስትሰርዙ ታመሰግኑኛላችሁ። `Create` ስትሉ 16ቱ ፊደላት አራት አራት ሆነው ይወጣሉ። የሚታዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ገጹን ከዘጋችሁት እንደገና አታዩትም፤ ግን ችግር የለውም፣ ያንን ሰርዛችሁ ሌላ ታወጣላችሁ።

አሁን ስልኩ ይለፍ ቃል ሲጠይቅ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ እነዚህን ፊደላት አስገቡ። በፊደላቱ መሀል የሚታየው ክፍተት ለማንበብ እንዲመች ነው፤ መጻፍ አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ አንዳንድ የስልክ ኪቦርድ የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ትልቅ ያደርገዋል። ፊደላቱ ሁሉም ትንንሽ መሆን አለባቸው።

እኔ ቤት ይህንኑ በሰርቨሩ ላይ ስሞክረው መልሱ ተቀየረ፦

```
a3 OK USERNAME@gmail.com authenticated (Success)
```

ያው ትእዛዝ፣ ያው ሁለት ክፍት ቦታ፤ `NO` ወደ `OK` ተቀየረ።

አሁንም ካልሠራ

መልእክት እየመጣ መላክ ብቻ እንቢ ካለ፣ መተግበሪያው ይለፍ ቃሉን ሁለት ቦታ ስለሚይዝ ነው። መቀበያው አይማፕ ነው፤ መላኪያው ኤስኤምቲፒ የሚባል ሌላ ሰርቨር ነው። በብዙ መተግበሪያዎች መላኪያው የራሱ የይለፍ ቃል ሳጥን አለው፤ እዚያም ያንኑ 16 ፊደል ማስገባት ያስፈልጋል። አክስቴ ጋ የገጠመን አንዱ ይሄ ነበር፦ መልእክቶቹ ዘነቡ፣ ለተማሪው «ደርሶኛል» ብላ ስትመልስ ግን ሳጥኑ እንደገና ብቅ አለ።

ገጹ ራሱ ካልተከፈተላችሁ ደግሞ ወይ ባለሁለት ደረጃው አልበራም፣ ወይ አካውንቱ የመሥሪያ ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ሆኖ አስተዳዳሪው ዘግቶታል፣ ወይ ማረጋገጫው በደህንነት ቁልፍ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል።

የሱቁ ኮምፒውተር ለምን አብሮ እንደቆመም አሁን ግልጽ ነው። ከዓመት በፊት ኢሜይሉን የገጠመላት ልጅ ለኮምፒውተሩ የመተግበሪያ ይለፍ ቃል አውጥቶለት ኖሯል። ዋናው ይለፍ ቃል ሲቀየር ግን የተቀረጹት ትርፍ ቁልፎች አብረው ይሰረዛሉ፤ ጎግልም አፕልም እንደዚህ ነው የሚያደርጉት። ሐሳቡ ትክክል ነው፦ ይለፍ ቃሉን የቀየርከው ሌባ ጠርጥረህ ከሆነ፣ ሌባው አውጥቶት ሊሆን የሚችለውም ቁልፍ አብሮ መሞት አለበት። አክስቴ ግን ስልኩን ለማዳን ብላ በቀየረች ቁጥር ደህና የነበረውን ኮምፒውተር እየዘጋችው ነበር። ስለዚህ መፍትሔው መቀየሩን ትቶ ሁለት ቁልፍ ማውጣት ሆነ፤ አንድ ለስልኩ፣ አንድ ለኮምፒውተሩ።

ይህ ቁልፍ የማይከላከለው

የተከራዩ ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። ይህ ቁልፍ የሚከፍተው ክፍል ትንሽ አይደለም፤ ሙሉ የመልእክት ሳጥናችሁ ነው። ቁልፉን ያገኘ ሰው ኮድ ሳይጠየቅ የድሮውንም የአዲሱንም ያነባል። የሌሎች አገልግሎቶች «ይለፍ ቃልዎን ለመቀየር ይህን ይጫኑ» የሚሉ መልእክቶች የሚመጡትም እዚያው ነው።

ይህ በወሬ ብቻ የቀረ ስጋት አይደለም። ጎግል በጁን 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መስለው የቀረቡ ሰርጎ ገቦች፣ የሩሲያን መንግሥት የሚተቹ ሰዎችንና ምሁራንን ራሳቸው የመተግበሪያ ይለፍ ቃል አውጥተው እንዲልኩላቸው በትህትና ያግባቡ እንደነበር ገልጿል። ምንም የተሰበረ መቆለፊያ አልነበረም፤ ባለቤቱ ራሱ ቁልፍ ቀርጾ ሰጣቸው። እነዚያን 16 ፊደላት ማስገባት ያለባችሁ በራሳችሁ መሣሪያ ላይ ብቻ ነው። በስልክም በቴሌግራምም የሚጠይቃችሁ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ አያስፈልገውም።

የተሻለ መንገድ ካላችሁ ደግሞ በሱ ሂዱ። አዳዲስ የኢሜይል መተግበሪያዎች አካውንት ስትጨምሩ ይለፍ ቃል ራሳቸው ሳይጠይቁ የአቅራቢውን የመግቢያ ገጽ ይከፍቱላችኋል። ይለፍ ቃሉንም ኮዱንም የምትሰጡት ለዚያ ገጽ ነው፤ መተግበሪያው የሚቀበለው የተወሰነ ፈቃድ ያለው መግቢያ ትኬት ብቻ ነው። ይህ አሠራር ኦኦውዝ ይባላል፤ ሁለተኛው እትሙ በ2012 እ.ኤ.አ. መስፈርት ሆኖ ወጥቷል። ብዙ ጊዜ አካውንቱን ከስልኩ አውጥቶ እንደገና መጨመር ወይም መተግበሪያውን ማዘመን ብቻ ወደዚህ መንገድ ያስገባችኋል። የማይክሮሶፍት የግል የአውትሉክ አካውንት ከሆነ ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ የሚሠራው ይሄኛው መንገድ ነው፤ በስምና በይለፍ ቃል ብቻ መግባት ተዘግቷል። የመተግበሪያ ይለፍ ቃል አዲሱን መንገድ ለማያውቅ አሮጌ ስልክ፣ አቅራቢው እስከፈቀደ ድረስ፣ የሚሆን መውጫ ነው።

የአክስቴ ስልክ አሮጌ ነው፤ አዲሱን መተግበሪያ አይጭንም። ለዚያ ነው ቁልፍ የቀረጽንለት። የመጠባበቂያ ኮዶቹን አትማ የደረሰኝ ደብተሯ መሀል ከታ፣ ቤቷ ወስዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። የተማሪው ጽሑፍ ያን ዕለት ማታ ታተመ። ሰኞ ደወለችልኝ፤ ልቤ ደንገጥ ሲል «አይ፣ ኢሜይሉ ደህና ነው፤ ጎረቤቴ ያንተው ነገር ገጥሟት ነው፣ ናና እያት» አለችኝ። መጀመሪያ በብራውዘር ትሞክረው አልኳት።